የኦዲት ግኝቶቹን ለጉባኤው እንዴት እናቅርብ? የጋራ ማጠቃለያው ረቂቅ

ዳዊት (ጸሐፊ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የ2016 በጀት ዓመት የውጭ ኦዲት ሪፖርት ደርሶናል። ኦዲተሩ ለሥራ አመራሩ የጻፈው 19 ገጽ ደብዳቤም አብሮ አለ። ጉባኤው ጥቅምት 17 ነው። 19 ገጽ አባዝተን ብናድል ማን ያነበዋል? ሁለት ገጽ ማጠቃለያ አዘጋጅተን ከቁጥጥር ኮሚቴው ጋር በጋራ እናቅርብ ነው ሐሳቤ። ግኝቶቹ 9 ናቸው። 2 ከፍተኛ፣ 3 መካከለኛ፣ 4 ዝቅተኛ ተብለዋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ሐሳብ ስጡ።

ሳሙኤል፦ በብር መጠን እንደርድራቸው። ትልቁ ገንዘብ ከላይ ይሁን። ደግሞ ኦዲተሩ ሒሳባችን በትክክል ቀርቧል ብሎ ንጹህ አስተያየት ሰጥቶናል። የመጀመሪያው መስመር ላይ እሱ ይጻፍ፣ ሰው እንዳይደነግጥ።

ሂሩት፦ ሳሚ፣ አስተያየቱ መጻፍ አለበት፣ እዚያ ላይ ልክ ነህ። ግን አስተያየቱ የሚለው ሰኔ 30 ላይ ያለው ሒሳብ እውነታውን ያሳያል ነው። ደብዳቤው የሚያወራው ወደዚያ ሒሳብ ስለደረስንበት መንገድ ነው። ንጹህ አስተያየት ይዞ ከባድ ግኝት ያለበት መሥሪያ ቤት ስንት አይቻለሁ፤ 11 ዓመት ኦዲት ድርጅት ሠርቼ የለ።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ በብር አናድርገው። ደረጃውን የሰጠው ኦዲተሩ ነው፣ እኛ መለወጥ አንችልም። እሱም የሚያየው የጠፋውን ብር ብቻ አይደለም። ቀዳዳው ሳይደፈን ቢቆይ ምን ሊያልፍበት ይችላል፣ ቢያልፍስ ማን ያየዋል፣ ዓምናም ተነግሯችሁ ነበር ወይ፣ እነዚህን ሁሉ ያያል።

ጋሽ ተፈራ (ሥራ አመራር ኮሚቴ)፦ ልጄ፣ እኔ ያልገባኝ ግኝት 1 ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ የባንክ ማስታረቂያ አልተሠራም ተብሎ "ከፍተኛ" ተባለ። በኋላ ተሠርቶ ታየ፣ አንድ ብር አልጎደለም። ታዲያ ከፍተኛነቱ የቱ ላይ ነው?

ሂሩት፦ ጋሽ ተፈራ፣ ማስታረቂያ ማለት የባንኩን ቁጥር ከእኛ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማሳየት ነው። ቁጥሩን አብረን እንየው። ሰኔ 30 ላይ ባንኩ 2,416,500 ብር አላችሁ ይላል። የእኛ ሌጀር ደግሞ 2,291,200 ይላል። ልዩነቱ 125,300 ብር ነው።

ከዚህ ውስጥ 48,000 ጽፈን ሰጥተን ባለቤቶቹ ገና ያልመነዘሩት ቼክ ነው። ይህ ችግር የለውም፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። 7,200 ባንኩ የሰጠን ወለድ ሆኖ እኛ ያልመዘገብነው ነው። 1,400 ደግሞ ባንኩ ለአገልግሎት የቆረጠብን ነው፣ እሱ ይቀነሳል። የቀረው 71,500 አባላት በቀጥታ ባንክ ያስገቡት ነው። ማን እንዳስገባው ስላልታወቀ በማንም ደብተር ላይ አልሰፈረም። ደምሩት፣ ይገጥማል።

ስለዚህ ብር አልጎደለም ያሉት እውነት ነው። ግን ይህን ያወቅነው ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር ሙሉ ቢጎድልም አናውቅም ነበር ማለት ነው። ሌላው፣ ማስታረቂያውን የምትሠራው ገንዘብ የምትቀበለዋ ልጅ ራሷ ናት። ልጅቷን እየጠረጠርኩ አይደለም። አንድ ሰው ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ራሱ ካመሳከረ ስህተቱንም የሚያይለት የለም።

ወ/ሮ አልማዝ፦ ይቅርታ ልጆች፣ ጥያቄ ነበረኝ። እኔ ሚያዝያ ላይ 3,500 ብር በባንክ አስገብቼ ደብተሬ ላይ አልተጻፈልኝም። ሁለቴ ቢሮ ሄጃለሁ። ሁለቴም "ነገ ይምጡ" ነው የተባልኩት። አቤቱታዬን በዚሁ ማጠቃለያ ላይ ታስገቡልኛላችሁ?

ሂሩት፦ እትዬ አልማዝ፣ የእርስዎ ብር ከዚያ 71,500 ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የባንኩ ስሊፕ አለዎት?

ወ/ሮ አልማዝ፦ አለኝ እንጂ! ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሳሙኤል፦ እንግዲህ ይሄ ለእኔም በራልኝ። ባንኩ ጋ አለ፣ ግን የሰውየው ቁጠባ አልሆነም። ብድር ልውሰድ ቢል ደግሞ ቁጠባህ አይበቃም ይባላል።

ዳዊት፦ ወደ ምላሾቹ እንምጣ። ሥራ አመራሩ ለግኝት 1 የሰጠው ምላሽ "ተቀብለናል፣ በቅርቡ ይስተካከላል" የሚል ነው። እንዳለ ልገልብጠው?

ሂሩት፦ "በቅርቡ" የሚባል ቀን በባሕረ ሐሳብም የለም። ምላሽ የሚባለው ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ እስከ መቼ፣ መደረጉስ በምን እንደሚታወቅ ሲኖረው ነው። አንዱን ግኝት በአንድ ቀን መዝጋትም አይቻልም፤ የሚፈጥነውና የሚዘገየው ይለይ። ወለዱንና የአገልግሎት ክፍያውን መመዝገብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የ71,500ውን ባለቤቶች መፈለግ ግን ወር ይፈጃል፣ ከባንክ ዝርዝር ማስወጣት አለ፣ አባላትን መጥራት አለ።

ጋሽ ተፈራ፦ በዚህ እስማማለሁ። ወለዱና ክፍያው እስከ መስከረም 30 ይመዘገብ። ያልታወቀው ገቢ እስከ ጥቅምት 30 ይሁን፣ ኃላፊው ሒሳብ ሹሙ። ማስታረቂያውን ከጥቅምት ጀምሮ እሱ ይሥራው፣ እኔ ልፈርም። ወሩ ባለቀ በ10 ቀን ውስጥ።

ሂሩት፦ ተባረኩ። አንድ ነገር ግን ይጨመር። ይኸው ግኝት የ2015ቱ ደብዳቤ ላይም አለ። ያኔ እስከ ታኅሣሥ 30፣ 2016 ይስተካከላል ተብሎ ነበር። የድሮው ቀን ከአዲሱ ጎን ይቀመጥ። አጥፍተን አዲስ ቀን ብቻ ከጻፍን በየዓመቱ አዲስ ግኝት ይመስላል።

ጋሽ ተፈራ፦ እሱ እንኳን ሰው ፊት ማዋረድ ነው።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ኦዲተሩ ራሱ "ካለፈው ዓመት የዞረ" ብሎ ጽፎታል። እኛ ብንዘለው ከጉባኤው አንዱ ማንሳቱ አይቀርም። ግኝት 2ስ? የብድር ኮሚቴ አባል የራሱ ብድር ሲጸድቅ ከስብሰባው አልወጣም የሚለው።

ጋሽ ተፈራ፦ ያንን አንቀበልም። ብድሩ በመመሪያው መሠረት ነው፣ ዋስ አለው፣ እየከፈለ ነው። "መካከለኛ" ቢባል ይበቃ ነበር።

ሂሩት፦ አለመቀበል መብታችሁ ነው። የኦዲተሩ ቃል ይጻፍ፣ ከሥሩ የእናንተ ተቃውሞ ከነምክንያቱ ይጻፍ፣ ጉባኤው ይፍረድ። ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግን አይሆንም። መክፈሉ ሌላ ነገር ነው፤ ግኝቱ የሚለው ሲወሰን ተቀምጦ ነበር ነው።

ሳሙኤል፦ ሦስቱ መካከለኛዎች አንድ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። ዝቅተኛዎቹንማ፣ የወንበርና የኮምፒውተር መለያ ቁጥር፣ የፔቲ ካሽ ደረሰኝ ምናምን፣ በአንድ መስመር እንለፋቸው።

ዳዊት፦ ይሁን። የግኝት 1 ረቂቅ እነሆ፦

«ግኝት 1፣ ከፍተኛ፣ ካለፈው ዓመት የዞረ። ለአምስት ወር የባንክ ማስታረቂያ አልተሠራም። 71,500 ብር የአባላት ቁጠባ በደብተር ላይ አልሰፈረም። ሥራ አመራሩ ተቀብሎታል። የቀድሞ ቀን፦ ታኅሣሥ 30፣ 2016። አዲስ ቀን፦ ወለድና ክፍያ መስከረም 30፣ ያልታወቀ ገቢ ጥቅምት 30፣ 2017። ኃላፊ፦ ሒሳብ ሹም። ተዘጋ የሚባለው ቁጥጥር ኮሚቴው የተፈረመውን ማስታረቂያና የተስተካከሉትን ደብተሮች ሲያይ ነው።»

የግኝት 2ን ቀን ባዶ ትቼዋለሁ። ሥራ አመራሩ ቅዳሜ ተነጋግሮ ይምጣ።

ወ/ሮ አልማዝ፦ ስሊፑን ፎቶ አንስቼ ለማን ልላክ?

ጋሽ ተፈራ፦ ለእኔ ላኪልኝ አልማዝ። ዋናውን ግን ለማንም አትስጪ።