ሹሩባ ቤት አለኝ፣ በሳምንት ስንት ቪዲዮ ልልቀቅ?

ጠያቂ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሹሩባ ቤት አለኝ። ባለፈው አንድ የቲክቶክ ቪዲዮዬን 40 ሺህ ሰው አየው፣ የደወሉልኝ ግን ሁሉም ከአዲስ አበባ ናቸው። በሳምንት ስንት፣ ምን ምን ልልቀቅ? ብቻዬን ነው የምሠራው።

ፈጣን ጣት፦ በቀን ሦስት ሦስት ልቀቂ፣ ዋናው ብዛት ነው። ቪዲዮው ላይ ደግሞ "ደሴ፣ ፒያሳ" ብለሽ በትልቁ ጻፊ። የት እንዳለሽ ካላወቁ ማን ይመጣል?

የቧንቧ ውሃዋ፦ ቦታውን መጻፉ ልክ ነው፣ ሦስት ሦስቱ ግን አያዛልቅም እህቴ። እኔም ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ በየቀኑ እያልኩ በሁለተኛው ሳምንት ደክሞኝ ተውኩት። አሁን በሳምንት ሦስት ብቻ ነው፣ ሦስቱም ከአንድ ቀረጻ ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት ሰው ስለማይበዛ አንድ ሹሩባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እቀርጻለሁ። መስኮቱ ከጎን ይሁን። ከፊት ለፊት ካሜራው ወደ መስኮቱ ካየ ፀጉሩ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆንና መስመሩ አይታይም።

ማክሰኞ እጄ ብቻ የሚታይበትን እለቃለሁ፣ 20 ሰከንድ ገደማ። በሚዶው ጭራ መስመር ሳወጣ፣ ከዚያ ግንባር ላይ መጀመሪያ በራሷ ፀጉር ሁለት ሦስቴ ጎንጉኜ ዊጉን ቀጭን ቀጭን እያደረግኩ ስጨምር። ገና ከግንባሩ ወፍራም ዊግ ከተጀመረ ይጎትታል፣ ቆዳው ላይ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፣ ሲደጋገም ፀጉሩ ከዳር ይሳሳል። ሴቶች የሚፈሩት ይህን ስለሆነ "እዚያ የምትሠራው አትጎትትም" ብለው የመጡብኝ በዚህኛው ነው። ሐሙስ ማታ ያለቀውን አስቀድሜ፣ በፊት የነበረውን አስከትዬ እለቃለሁ፤ ቅዳሜ ለመሠራት የሚወስኑት ያኔ ነው። እሁድ አንድ የደንበኛ ጥያቄ እመልሳለሁ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ሳምንት ይቆያል የመሳሰለውን።

የተመልካች ቁጥር አያታልልሽ። የመጣችውን ሁሉ "የት አየሽን?" በያትና ደብተር ላይ ጻፊ። እኔ 600 ሰው ካየው ቪዲዮ አራት ደንበኛ አግኝቻለሁ።

የኮምቦልቻው ልብስ ሰፊ፦ እኔ ደግሞ ስልኬ አርጅቷል፣ ለቀረጻ የትኛውን ልግዛ?

ፈጣን ጣት፦ ወንድሜ ጥያቄው ስለ ስልክ አይደለም። ያለህን ስልክ ሌንሱን ጥረግና አቁመህ ቅረጽ።

ጠያቂ፦ ግማሾቹ ደንበኞቼ ሂጃብ ለባሽ ናቸው፣ ፀጉራቸው እንዲቀረጽ አይፈልጉም። ሌሎቹም ዝም ይላሉ እንጂ ደስ አይላቸውም።

የቧንቧ ውሃዋ፦ እነሱ ላይ ካሜራ አታንሺ፣ የኋላውን ብቻ ቢሆንም። ለማክሰኞው አሻንጉሊት ራስ ይበቃል፣ ለሐሙሱ ፈቃደኛ የሆነች ዘመድ ያዢ። ሳትጀምሪ ጠይቂ፣ ካለቀ በኋላ ከጠየቅሽ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ግድግዳው ላይም "ያለፈቃድ አንቀርጽም" ብለሽ ለጥፊ።

ጠያቂ፦ ዋጋስ ልጻፍ?

ፈጣን ጣት፦ ጻፊ፣ የሚደውለው ሰው የምር ይሆናል።

የቧንቧ ውሃዋ፦ እኔ አልጽፍም። ዊጉ በተወደደ ቁጥር አሮጌው ቪዲዮ ያጣላኛል። ፀጉሩም እንደ ርዝመቱ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ የፊታችን ሰኞ በእህቴ ፀጉር እጀምራለሁ። ዋጋውን ለአንድ ወር ሳልጽፍ ልሞክረው።