የብር ሐብል ፎቶ ላይ አውቶማቲኩ ጠርዙን ይበላብኛል፤ ሁሉንም በፔን ቱል ልሥራው?

ሜሪ
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት የማስረክባቸው የሐብል ፎቶዎች አሉኝ። Remove Background ስጫን የሰንሰለቱን ግማሽ ይበላዋል። በቀለበቶቹ መሃል ያለው ነጭ ደግሞ ሳይወጣ ይቀራል። በፔን ቱል ልጀምር ወይስ የተሻለ አውቶማቲክ መሣሪያ አለ?

ዳኒ ግራፊክስ
ፔን ቱል። አለቀ። ጥሩ ኤዲተር የሚለየው በእጁ ነው። አውቶማቲክ የለመደ ሰው ኩርባ መሳል ይረሳል፤ ከባድ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ተቀመጪና ቀለበት በቀለበት ዙሪያውን ሂጂበት።

ኪያ
ቀለበት በቀለበት?! እስከ መቼ ልትጨርሰው? እኔ የጫማ ፎቶ በድረ ገጽ ነው የማወጣው፣ ጠቅ አድርጌ ሻይ ሳላፈላ ያልቃል። ሌላ ድረ ገጽ ሞክሪ።

ቶማስ
ጫማና ሰንሰለት አንድ አይደሉም። ደግሞ በነፃ የሚሠሩት ብዙዎቹ ፎቶውን አሳንሰው ነው የሚመልሱት፣ ከማውረድሽ በፊት መጠኑን እዪ። ሜሪ፣ ያነሳሽው ምን ላይ ነው? ነጭ ላይ ከሆነ ግራጫ ወረቀት ላይ ድገሚው፣ ይሻልሻል።

ሜሪ
ነጭ ወረቀት ላይ ነው። መድገም አልችልም፣ ዕቃው ለባለቤቱ ተመልሷል። የምሠራው በ Photoshop ነው።

አቤል ሪተች
እንግዲያው ችግሩ እዚያ ነው። ብሩ ላይ ብርሃን ያረፈበት ቦታ ከወረቀቱ እኩል ነጭ ሆኗል። እዚያ ቦታ ፋይሉ ውስጥ ጠርዝ የሚባል ነገር የለም። የትኛውም አውቶማቲክ ይገምታል እንጂ አያየውም። አንቺ ግን ቀለበቱ የት ላይ መዞር እንዳለበት ታውቂያለሽ። ፔን ቱል የሚያስፈልግሽ ለዚያ ነው፣ ለሁሉም ነገር አይደለም።

ስለዚህ ፎቶውን ለሁለት ክፈይው። ከታች የሚንጠለጠለውን ጌጥ በፔን ቱል ሥሪ። 200% አጉልተሽ መስመሩን ከጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አስገቢ፣ አለበለዚያ ነጭ ክር ይከተልሻል። ነጥብ አታብዢ፤ ኩርባው አቅጣጫ የሚቀይርበት ላይ ብቻ አኑሪ። ነጥብ ሲበዛ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። ክፍተት ካለው በዚያው ፓዝ ላይ Exclude Overlapping Shapes መርጠሽ ክፍተቱን ክበቢው። Ctrl+Enter፣ ከዚያ Feather 0.5 ፒክስል። አታጥፊው፣ ማስክ አድርጊው።

ለሰንሰለቱ Channels ውስጥ ግቢ። ብሩ በጣም የጠቆረበትን ቻናል ኮፒ አድርጊ። ብር ግራጫ ስለሆነ ሦስቱም ይቀራረባሉ፣ ብዙ ልዩነት አትጠብቂ። ዋናው ሥራ Levels ነው። Ctrl+L ብለሽ ወረቀቱ ድፍን ነጭ፣ ብረቱ ጥቁር እስኪሆን ግፊው። በቀለበቶቹ መሃል ያለው ነጭ ራሱ ይለያል። ብርሃኑ የበላቸውን ቦታዎች በጥቁር ብሩሽ ሙያቸው፤ ብሩሹ ካልታዘዘሽ እነሱን ብቻ በፔን ቱል። ከዚያ ቻናሉን Ctrl ይዘሽ ጠቅ፣ Ctrl+Shift+I።

ስትጨርሺ ከሥር ጥቁር ሌየር አድርጊ፣ የቀረ ነጭ ክር ይጮህልሻል። ቀጥሎ ደማቅ ቀይ አድርጊ፣ የተበላው ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል።

ዳኒ ግራፊክስ
ያው ፔን ቱል አላልኩም?

ኪያ
ዳኒ አንተ ሰንሰለቱን ገና ሦስተኛው ቀለበት ላይ ነህ 😂

ሩት
ቆይ ግን፣ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ነጭ ላይ ከሆነ ለምን ይቆረጣል? ወረቀቱን ብቻ በ Levels ወደ 255 አንሥታ ብትተወው ሐብሉ ከነጥላው ይቀራል። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው እንደዚያ ነው።

አቤል ሪተች
ሩት ልክ ነሽ፣ ግን ወረቀቱ ሲነሣ ብሩም አብሮ ይነሣል፤ ደብዝዞ የነበረው ጠርዝ ጭራሽ ይጠፋል። ጌጡን በማስክ ከልላ ብትሠራው ያስኬዳል። ባለቀለም ጀርባ ላይ የሚወጣ ካለ ግን መቁረጡ አይቀርላትም። ሜሪ፣ የሚወጣው ምን ላይ ነው?

ሩት
እኔ ማስክ ሳልጠቀምም ተሠርቶልኛል። የብርሃኑ አነሳስ ይወስነዋል።

ሜሪ
አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ባነር ላይ ነው። የአንዱን ሰንሰለት በቻናል ሞከርኩት፣ መሃሉ ወጣልኝ!! መቆለፊያው ጋ ግን ጠፍቷል። አሁን እሱን በፔን ቱል ልሥራው። PNG ነው JPG የማስቀምጠው?

ቶማስ
ለባነሩ PNG። JPG ላይ ጀርባው ነጭ ሆኖ ይመለስብሻል።

ሳሚ
እኔም ልጠይቅ፣ የመስታወት ጠርሙስ አለኝ። በዚሁ ቻናል ይሠራል? ጀርባው በውስጡ ያልፋል።