«ኬዝ አለኝ» ስንል እናቶቻችን ምን ይሰማሉ?

ጠያቂዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሑድ ደሴ ለምትኖረው እናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ኬዜ ፔንዲንግ ስለሆነ ትራቭል ማድረግ አልችልም» አልኋት። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ስላልተወሰነ ለወንድሜ ሠርግ ለንደን እንደማልሄድ መንገሬ ነበር። እሷ ግን የያዘችው «ኬዝ» የሚለውን ብቻ ነበርና «ምን አጥፍተሽ ነው የተከሰስሽው?» ብላ አለቀሰች። እዚህ ሁላችንም «ኬዝ አስገባ»፣ «ኬዙ አለቀለት» ስንል ስለ መኖሪያ ወረቀት እንደምናወራ ስለሚታወቅ፣ ቃሉ ለሌላው ሌላ ነገር እንደሚመስል ልብ ብዬ አላውቅም። ከዚህ አነጋገር እንዴት ይወጣል?

ከሲያትል፦
እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አማርኛ ለእነዚህ ነገሮች ቃል ስለሌለው ነው የምንዋሰው። «ካንስል አደረግሁት» የምንለው ሌላ ምን ብለን ነው?

ከለንደን፣ በሰንበት ለልጆች አማርኛ የማስተምር፦
ወንድሜ፣ «ሰረዝሁት» አለልን። ለአዲስ ነገር ቃል ያጣንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም፤ «ካንስል» ግን በዚህ አልገባም። የአማርኛ ግስ በተነባቢዎቹ ላይ ስለሚረባ የእንግሊዝኛው ቃል እንዳለ ሆኖ ሊረባ አይችልም፤ ስለዚህ ቃሉን እንደ ድንጋይ አስቀምጠን እርባታውን «አደረገ» እና «ሆነ» እንዲሸከሙት እናደርጋለን። «ካንስል አደረግሁ»፣ «ካንስል አስደረገችኝ»፣ «ካንስል ሆነ» እንላለን። ይህን ወንበር እንግሊዝኛ አልሠራውም፤ «ከፍ አደረገ»፣ «ዝም አለ» ስንል ከጥንት የኖረ ነው። ለዚህም ነው ማንኛውም ቃል መጥቶ በቀላሉ የሚቀመጥበት። ጣሊያንኛው «ፊርማ» ግን ከስም አልፎ «ፈረመ፣ ይፈርማል፣ አስፈረመ» እስኪባል ድረስ ግስ ወልዷልና፣ ዛሬ ባዕድ ነው የሚለው የለም።

ከኔታንያ፣ እስራኤል፦
በእኛ ቤት ደግሞ የሚገባው ዕብራይስጥ ነው። ልጆቼ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ሲኖራቸው «ቶር አለኝ» ይላሉ፤ ከጓደኛ ጋር ሲገናኙ ግን «ቀጠሮ» ይላሉ። ልጆቼን ስለ ማረም ከሆነ የምትጠይቂው፣ እኔ አቅቶኝ ትቼዋለሁ።

ከለንደን፦
ወይዘሮዋ ያነሱት ነገር ከጥያቄው የራቀ አይደለም። በእንግሊዝኛም የሆነው ያው ነው፤ ብዙዎቻችን «አፖይንትመንት» ለሐኪምና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አድርገነው «ቀጠሮ» ለቡናና ለጨዋታ ቀርቷል። የተዋስነው ቃል ሲገባ የቀድሞው ቃል ሳይጠፋ ሥራው ይጠብባል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በቤታችን የደረሰውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እዚህ የተወለደው ልጄ በአነጋገሩ ሲስቅበት «ሙድ አትያዝብኝ» አለው። ልጄ «ሙድ» የሚያውቀው በእንግሊዝኛው ትርጉም ስለሆነ፣ ስለ ስሜቱ የተጠየቀ መስሎት «ሙዴ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰ፤ እንግዳውም ጨርሶ እንደተናቀ ቆጥሮ ማዕድ ላይ ሳይቀርብ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ «ሙድ መያዝ» ማላገጥ፣ ማፌዝ ሆኗል፤ «ሙድ አለው» ደግሞ ለሚያምር ነገር ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ አገር ቤት ያለው ግን የራሱን መንገድ ሄዷል። ስለዚህ የሚያበላሸው የውጭ ኗሪ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ከሲያትል፦
ይህን አላሰብሁትም ነበር። ቢሆንም «ሙድ» እና «ኬዝ» አንድ ናቸው ማለት ይከብደኛል። «ሙድ» ብዙ ሰው የሚስማማበት ሆኗል፤ «ኬዝ» ግን ከእኛ ሰፈር ውጭ ያለ ሰው በዚያ ትርጉሙ አይሰማውም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት እንደገና ደውዬ ንጹሕ አማርኛ ለመናገር ወስኜ ነበርና «የጥገኝነት ማመልከቻዬ ገና አልተወሰነም» አልኋት። እናቴም «ጥገኝነት? የማን ጥገኛ ሆንሽ ልጄ? ራስሽን ችለሽ አልነበረም?» ብላ ከቀድሞው ይልቅ ተጨነቀች። በመጨረሻ «እዚህ ለመኖር የጠየቅሁት ፈቃድ መልሱ አልመጣም፤ እስኪመጣ ከአገር መውጣት አያዋጣኝም» ስላት ነው የተረጋጋችው። እንዲያው ግን መምህር፣ ልጄ «ድራይቭ አድርጊልኝ» ሲለኝ «ንጂልኝ» በል ማለት ይሻላል ወይስ ትቼው ልለፍ? እርስዎ በክፍልዎ ምን ያደርጋሉ?

ከለንደን፦
እኔ አላርመውም፤ «እሺ፣ እነዳልሃለሁ» ብዬ እመልስለታለሁ። አንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ ራሱ «ንጂልኝ» ይላል፤ አንዳንዱ ዓመትም ቆይቶ አይለውም።