ከአዲንዳን ወደ WGS84 የተለወጠ ነጥብ 30 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይወጣል

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አካባቢ በድሮው አዲንዳን ዳተም (ዞን 37) ኮኦርዲኔታቸው የተመዘገበ የወሰን ድንጋዮችን በጂፒኤስ እያገኘን ነው። ሳይለወጥ ሲነበብ የጂፒኤሱ ቁጥር ከድሮው በምሥራቅ 95፣ በሰሜን 207 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የድሮው መረብ የተሰላው በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ሲሆን፣ የኤሊፕሶይዱ መሃልም ከጂፒኤሱ የተለየ ነው።

ያስቸገረኝ ከተለወጠ በኋላ ያለው ነው። የተረከብኩት ፋይል ውስጥ የገባው የለውጥ መለኪያ -118፣ -14፣ 218 ነው። ይህ የቡርኪና ፋሶ ነው፤ ስሙ ግን ያው አዲንዳን ስለሆነ ሶፍትዌሩ ምንም አያስጠነቅቅም። በዚህ ሲለወጥ ድንጋዮቹ ሁሉ ወደ ምዕራብ 30 ሜትር ገደማ ይሸሻሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫና በእኩል መጠን መሸሻቸው የንባብ ስህተት እንዳልሆነ ያሳያል። የኢትዮጵያውን ሳስገባ ግን ልዩነቱ ወደ ጥቂት ሜትር ወረደ፦

```
+proj=utm +zone=37 +ellps=clrk80 +towgs84=-165,-11,206 +units=m
```

ጥያቄዬ ስለቀረችው ጥቂት ሜትር ነው። የእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ትክክለኛነት ራሱ በሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ ለካርታ ይበቃል፤ ለይዞታ ወሰን ግን አይበቃም። በሁለቱም ሥርዓት የሚታወቁ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ይዛችሁ የአካባቢ መለኪያ ያሰላችሁ ካላችሁ፣ ለ10 ኪሎ ሜትር ስፋት የምሥራቅና የሰሜን አማካይ ሽግሽግ ብቻ ይበቃል ወይስ ዙረትና ስኬልም መጨመር አለበት? ለማረጋገጫ ብቻ ስንት ነጥብ ከስሌቱ ውጭ ታስቀራላችሁ?