ጥቆማ ፈለግሁ፦ የፔጅ አድራሻ ቀይሬ የድሮው ሊንክ እንዳይሞት በምን ላድርገው?

ጠያቂዋ
ሰላም ቤተሰብ። የሠርግ ልብስ የምናከራይበት ሱቅ አለን። ዌብሳይታችን ወርድፕረስ ነው፤ ሆስቲንጉ እዚሁ አገር የገዛነው፣ ሲፓነል ያለው ነው። አንዱ ፔጃችን አድራሻው በአማርኛ ነበር፦ `/የሠርግ-ልብስ-ኪራይ/`። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ግን በፐርሰንት ምልክት የታጨቀ እባብ የሚያክል ነገር ይሆናል። ደንበኛ ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ስለዚህ ትናንት ወደ `/kiray/` ቀየርኩት።

ችግሩ የድሮው አድራሻ ኪውአር ኮድ ሆኖ ቢዝነስ ካርዳችን ላይ ታትሟል። ገና አንድ ካርቶን ካርድ አለን። አሁን ስካን ሲደረግ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ፕለጊን፣ የሲፓነሉ Redirects እና ክላውድፍሌር የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ሰምቻለሁ። የሞከራችሁ የቱ ይሻላል? አንድ ባለሙያ ለዚሁ 3,000 ብር ብሎኛል።

ብሎገሩ
እህቴ ገንዘብሽን አታባክኚ። ወርድፕረስ የድሮውን ስም ራሱ ያስታውሳል። እኔ የጽሑፎቼን አድራሻ ስንቴ ቀያይሬያለሁ፣ አንድም ሊንክ ሞቶብኝ አያውቅም።

ጠያቂዋ
እኔ ጋ አላስታወሰም።

ሰርቨር ጠባቂው
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ወርድፕረስ የድሮ ስም የሚይዘው ለ«ፖስት» ነው። «ፔጅ» ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ፔጅ በሌላ ፔጅ ሥር ሊገባ ስለሚችል ያ ዘዴ ይዘለዋል። የብሎገሩ ጽሑፎች ፖስት ናቸው፣ ያንቺ ፔጅ ነው።

የቲክቶክ ነጋዴ
እኔም ይሄው ደርሶብኛል! የቴሌግራም ቻናሌን ስም ቀይሬ የድሮው ሊንክ ጠፋ። ከድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ የሚያዞረውን 301 የሚባለውን ሪዳይሬክት የት ነው የምጽፈው?

ሰርቨር ጠባቂው
ወንድሜ ያንተ ሌላ ነው። ቴሌግራም የኛ ሰርቨር አይደለም፣ ሪዳይሬክት አይጻፍበትም። የድሮው ስም ገና ካልተወሰደ ባዶ ቻናል ክፈትና ስሙን ያዝበት፣ ከዚያ «ወደዚህ ተዛውረናል» ብለህ ለጥፍ። ከዚያ በላይ የምታደርገው የለም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ለአንድ ፔጅ ከሆነ ፕለጊንም አያስፈልግሽም። ሲፓነል ውስጥ File Manager ግቢ፣ `public_html` ውስጥ `.htaccess` አለ። ካልታየሽ Settings ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ። መጀመሪያ ኮፒውን አስቀምጪ፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ሳይቱ በሙሉ 500 የሚል ስህተት ያሳያል። `# BEGIN WordPress` ከሚለው መስመር በላይ ይሄን ጻፊ፦

```
RedirectMatch 301 "^/የሠርግ-ልብስ-ኪራይ/?$" "/kiray/"
```

ከ`BEGIN` እስከ `END` ባለው መሐል አትጻፊ፣ ወርድፕረስ እንደገና ሲጽፈው ይደመስስብሻል። የሲፓነሉ Redirects ቁልፍም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው። እሱን ከመረጥሽ ግን ደንቡ የት እንዳረፈ ፋይሉን ከፍተሽ እዪ። ከወርድፕረስ መስመሮች በታች ካረፈ ወርድፕረስ ቀድሞ ይይዘውና ያንቺ ተራ አይደርስም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ ለቤተ ክርስቲያናችን ሳይት `Redirection` የሚባለውን ነፃ ፕለጊን ነው የምጠቀመው። ፋይል መነካካት የለም። ከሁሉ የወደድኩለት ሰው የትኛውን የሞተ ሊንክ እንደነካ መዝግቦ ማሳየቱ ነው። እኛ የረሳናቸውን አድራሻዎች ያገኘነው በዚያ ነው። አንቺም የቀየርሽው አንድ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?

ሰርቨር ጠባቂው
ጥሩ ፕለጊን ነው፣ አልክድም። ግን አንድ መስመር ለሚበቃው ነገር ወርድፕረስን ሙሉውን ማስነሳት አልወድም። ፕለጊኑ አንድ ቀን ከጠፋ ደግሞ ሪዳይሬክቱም አብሮ ይጠፋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ያንተም ፋይል ሆስቲንግ ሲቀየር ተረስቶ ይቀራል። እኛ ላይ ደርሷል። አዲሱ ሆስቲንግ ኤንጂንኤክስ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ብቻ ሆኖ `.htaccess` የሚባል ነገር ጭራሽ አያነብም ነበር።

ጠያቂዋ
እሺ፣ በፋይሉ ሞከርኩት። አልሠራም። 500 አላለም፣ ግን አሁንም «አልተገኘም» ነው።

ሰርቨር ጠባቂው
የጻፍሽውን መስመር እንዳለ ለጥፊልኝ።

ጠያቂዋ
```
RedirectMatch 301 "^/የሰርግ-ልብስ-ኪራይ/?$" "/kiray/"
```

ሰርቨር ጠባቂው
አየሽው? በእጅሽ ነው የጻፍሽው አይደል? «ሰርግ» ብለሻል፣ በእሳቱ ሰ። ፔጁ ላይ የነበረው ግን ንጉሡ ሠ ነው። ለኛ ያው ነው፣ ለሰርቨሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ `%E1%88%B0` ነው፣ ሌላው `%E1%88%A0`። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበት አድራሻ ሁሉ እንዲህ ያታልላል። የካርዱን ኪውአር ስካን አድርጊና የሚመጣውን ኮፒ አድርጊ፤ በጆሮሽ አትተማመኚ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ኮፒ ስታደርጊ በፐርሰንት የተሞላው መልክ ሊመጣ ይችላል። እሱን `.htaccess` ውስጥ እንዳለ ብትለጥፊው አይሠራም። የሰርቨሩ ፕሮግራም፣ አፓቺ፣ አድራሻውን ወደ ፊደል ከመለሰ በኋላ ነው ከደንቡ ጋር የሚያመሳስለው። ስለዚህ ደንቡ ላይ ፊደሉ ራሱ ይጻፍ፣ ፋይሉም ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ይቀመጥ።

የሕትመት ሠራተኛ
የፐርሰንቱ ነገር እኛንም ያስቸግረናል። ደንበኛ በአማርኛ የተጻፈ ሊንክ ያመጣና ኪውአሩ ጥቅጥቅ ይላል፣ በትንሽ ካርድ ላይ ስልክ አያነበውም።

ሰርቨር ጠባቂው
ልክ ነህ። አንዱ የአማርኛ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል። የእሷ አድራሻ 10 ፊደልና 2 ሰረዝ ናት፣ በፐርሰንት ሲጻፍ 92 ይደርሳል። ወርድፕረስ ደግሞ ከ200 በላይ አይቀበልም፣ ማለትም ከ22 ፊደል በኋላ ይቆርጠዋል። ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያላቸው አድራሻዎች መሐል ላይ የሚቆረጡት ለዚህ ነው።

ክላውድፍሌር ወዳጅ
እኔ ጋ ግን ግልባጩ ነው የሆነው። ክላውድፍሌር ላይ ደንቡን በአማርኛ ፊደል ስጽፈው እምቢ አለ፣ በፐርሰንቱ መልክ ሳደርገው ሠራ። አንተ ስህተት ነህ ማለት ነው?

ሰርቨር ጠባቂው
አይደለም፣ እሱ አድራሻውን ሳይፈታ እንደመጣ ስለሚያየው ነው። ስለዚህ ክላውድፍሌር ላይ ፐርሰንቱ፣ `.htaccess` ላይ ፊደሉ። ክላውድፍሌር የሚሠራው ደግሞ ዲኤንኤሱ ላይ ብርቱካናማው ደመና ከበራ ብቻ ነው። ለእሷ ለአንድ ፔጅ ብቻ ዲኤንኤስ ማዛወር አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጠያቂዋ
ሠራ!! ካርዱን ስካን አድርጌ `/kiray/` ገባሁ። ግን የወንድሜ ስልክ አሁንም ወደ ፊት ገጹ ነው የሚወስደው።

ሰርቨር ጠባቂው
ቅድም በሌላ መንገድ ሞክረሽ ነበር?

ጠያቂዋ
አዎ፣ ጠዋት በሲፓነሉ ሞክሬ መድረሻውን ፊት ገጹ አድርጌው ነበር፣ Permanent ብዬ። ያኔ በእሱ ስልክ ነው ያየነው። ኋላ አጠፋሁት።

ሰርቨር ጠባቂው
በቃ እሱ ነው። «ቋሚ ነው» ስላልሽው ብሮውዘሩ አምኖ ይዞታል፣ ሰርቨሩን ድጋሚ አይጠይቅም። የስልኩን ካሽ ያጥፋ። ለሌላ ጊዜ መጀመሪያ በጊዜያዊው በ302 ሞክሪ፣ ትክክል ሲሆን ቋሚውን 301 አድርጊው። ሰርቨሩ ምን እንደሚል ያለ ካሽ ማየት ከፈለግሽ፣ የሳይትሽን ስም ተክተሽ ኮምፒውተርሽ ተርሚናል ላይ ይሄን ጻፊ፦

```
curl -IL "https://example.com/የሠርግ-ልብስ-ኪራይ/"
```

`301` እና `location:` የሚለው ላይ `/kiray/` ካየሽ ጨርሰሻል። ሁለተኛ ሪዳይሬክት ከተከተለ ግን መሐል ላይ ሌላ ደንብ አለ ማለት ነው፣ በቀጥታ ወደ መጨረሻው አድርጊው።

ብሎገሩ
ስንት ጊዜ ትተወው? እኔ ሁለት ወር ይበቃል ብዬ ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ጉግል ራሱ ቢያንስ አንድ ዓመት ይላል።

የሕትመት ሠራተኛ
ካርዱ በሰው ቦርሳ ውስጥ እስካለ ድረስ ነዋ። አንድ ካርቶን ስንት ካርድ ነው፣ 2,000? በነገራችን ላይ አዲሱን ስታሳትሚ ኪውአሩ ላይ `/kiray/` ይሁን፣ ነገ አድራሻው ቢቀየር እንኳ ያን አጭር ስም ብቻ ወደ አዲሱ ታዞሪዋለሽ።

ጠያቂዋ
የወንድሜም ተስተካከለ። አሁን የሌሎቹን አምስት ፔጆች አድራሻ ላውጣ፤ ሁለቱ ላይ «ፀጉር» አለ፣ በየትኛው ፀ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቅ።