ከለር ግሬዲንግ ልማር ወይስ ራም ልጨምር?

ሰላም ናችሁ። ደሴ ላይ ለፎቶ ቤቶች የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ለአንድ ሠርግ 5,000 ብር ይከፍሉኛል። የከለር ግሬዲንግ ኮርስ አስቤ ነበር፤ 15,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ በሠርግ 1,500 ብር ቢጨምሩልኝ እንኳ የኮርሱ ብር የሚመለሰው ከ10 ሠርግ በኋላ ነው። ጥር ላይ ችግር የለውም፤ ሁዳዴና ረመዳን ሲገቡ ግን ሥራው ጭር ይላል።

ደግሞ እስካሁን በቀለሙ ቅር ያለው ሰው የለም። የሚነጫነጩት ቪዲዮው ሲዘገይ ነው። ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ስለሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ፎር ኬ ይንቀራፈፍብኛል። ፕሮክሲ ስጠቀም ይሻላል፣ ግን እሱን ማዘጋጀቱም ጊዜ ይበላል።

ብሩን ራም ላይ ላውለው? ወይስ መጀመሪያ በነጻው ቅጂ አንድ የድሮ ሠርግ ቀለሙን አስተካክዬ ለፎቶ ቤቶቹ ላሳያቸው? ከለር ተምራችሁ ክፍያ ያደገላችሁ ካላችሁ፣ ጭማሪውን የከፈለው ማን ነው፦ ሙሽሮቹ ወይስ ፎቶ ቤቱ?