ልጄ አፉን አልፈታም፤ አማርኛውን ልተው?

ውጭ አገር ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ። የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ብቻ ነው፤ የሕፃናት መዋያው ደግሞ ጀርመንኛ ብቻ።

ሞግዚቷ «ልጁ ቃል የለውም፣ ቤትም ጀርመንኛ አውሩት» አለችኝ። የእኔ ጀርመንኛ እኮ ለገበያ እንጂ ለተረት አይሆንም! በተሰባበረ ቋንቋ ላሳድገው?

የሚላቸውን ቃላት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። አማርኛው ወደ 40፣ ጀርመንኛው ወደ 15 ነው። በ2 ዓመት ቢያንስ 50 ቃል ይጠበቃል፤ ሁለት ቋንቋ ለሚሰማ ልጅ የሁለቱም ይደመራል። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙም አላስጨነቀኝም።

ያስጨነቀኝ ሁለት ቃል አለማጋጠሙ ነው። «ውሃ ስጪኝ» አይልም። «ውሃ» ይልና እጄን ይዞ ወደ ማድ ቤት ይጎትተኛል። ቋንቋ ደባልቆ «ቫሰር ስጪኝ» ቢለኝ እንኳ ደስ ባለኝ፤ መደባለቁ በሽታ አይደለም። የምለውን ግን ይረዳል። «ጫማህን አምጣ» ስለው፣ በእጄ ሳልጠቁመው፣ ሄዶ ያመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ክረምቱን ጆሮውን ሲያመው ነው የከረመው። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ከቀረ ድምፅ ታፍኖ ነው የሚሰማው። መስማቱን ግን እስካሁን ማንም አልለካለትም።

መጀመሪያ ጆሮውን ላስመርምር ወይስ የንግግር ባለሙያ ቀጠሮ ልያዝ? ደግሞ በጀርመንኛ ብቻ እንዳይመዝኑት፣ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቆ የተሳካለት አለ?